ክላሲካል ለተማራችሁ፦ ትራይቶን ሰብስቲትዩሽን በሁለት ኖታ

ክላሲካል ቲዎሪ ብቻ ተምራችሁ የጃዝ ኮርድ ግራ ላጋባችሁ አንድ ነገር ላካፍላችሁ። ፒያኖ ላይ ቁጭ በሉና Dm7 – G7 – Cmaj7 ተጫወቱ፤ ግን በግራ እጅ ባሱን፣ በቀኝ ደግሞ የየኮርዱን ሦስተኛና ሰባተኛ ኖታ ብቻ። መጀመሪያ ኤፍ እና ሲ አሉ። ሲ በግማሽ ድምፅ ወደ ቢ ይወርዳል፣ ኤፍ ባለበት ይቆያል። ቀጥሎ ኤፍ ወደ ኢ ይወርዳል፣ ቢ ግን ንቅንቅ አይልም። እናንተ የተማራችሁት ቢ ወደ ሲ መውጣት አለበት ተብሎ ነው። ጃዝ ላይ ግን የ Cmaj7 ሰባተኛ ሆኖ ይቀራል።

አሁን G7 ላይ ቀኝ እጃችሁን ሳታንቀሳቅሱ ባሱን ብቻ ከጂ ወደ ዲ ፍላት ቀይሩት። ኮርዱ Db7 ሆነ! ሦስተኛ የነበረው ቢ ሰባተኛ ሆነ (በጽሑፍ ሲ ፍላት ይባላል)፣ ሰባተኛ የነበረው ኤፍ ደግሞ ሦስተኛ፤ ባሱም ዲ፣ ዲ ፍላት፣ ሲ እያለ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል። ትራይቶን ሰብስቲትዩሽን የሚሉት ይህንኑ ነው። ባዳ እንዳይመስላችሁ፣ አምስተኛውን ኤ ፍላት ጨምራችሁ ሲ ፍላቱን ቢ ብላችሁ ከጻፋችሁት ያው የምታውቁት የጀርመን ኦግመንትድ ሲክስዝ ነው፤ ልዩነቱ ወደ ዶሚናንት ሳይሆን በቀጥታ ወደ ቶኒክ መሄዱ ነው።

ከመቀየራችሁ በፊት ግን ዜማውን እዩ። ጂ ላይ ከቆመ በጣም ያምራል። ዲ ላይ ከቆመ ከባሱ ዲ ፍላት ጋር ይጋጫል፣ ወዲያው ጆሮ ይቆረቁራል፤ እዚያ ቦታ G7ን አትንኩት።