ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ሲመስል፦ በስልክ ፖድካስት ለምትቀዱ

ዳታ ማጥፋቱን፣ በር መዝጋቱን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ። በቀጥታ ወደ ችግሩ።

ድምፁ ይርቃል፣ ያስተጋባል

ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር ሰው ይዞልኝ የሚመጣው ቅጂ አብዛኛው እንዲህ ነው። ሁልጊዜም የሚወቀሰው ስልኩ ነው።

በቅርቡ ሁለት ልጆች አንድ የቅኔ መምህር ቃለ ምልልስ አድርገው መጡ። «ጋሼ፣ የስልኩ ማይክ አይረባም፣ ሌላ ልንገዛ ነው» አሉኝ። የቀዱበትን ቤት አሳዩኝ አልኩ። አዲስ ሳሎን ነው። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ መጋረጃ እንኳ የለውም። ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስተኝተውታል፤ ከየኔታ አፍ 80 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ድምፁ ሲያንስባቸው ኤዲት ላይ ቮሊውሙን ጨመሩት። የፍሪጁ ጉምጉምታና የግድግዳው ማስተጋባት አብረው ጨመሩ። የቃላቱ መጨረሻ ተውጧል። ቅኔ ደግሞ ቃሉ ካልተሰማ ወርቁ ቀርቶ ሰሙም አይገኝ!

ነገሩ ይሄ ነው። ስልኩ ሁለት ድምፅ ይሰማል። አንዱ ከአፍ በቀጥታ የሚመጣው ነው፤ ሌላው ግድግዳና ጣሪያ ነክቶ የሚመለሰው። የሚመለሰው ቤቱ ውስጥ የትም ብትሆኑ ብዙም አይለያይም። ቀጥታው ግን ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ 6 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል። ከ80 ወደ 40፣ ከ40 ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ስትጠጉ 12 ዴሲቤል አተረፋችሁ፤ ማስተጋባቱ እዚያው ባለበት ነው። ቮሊውም መጨመር ይሄንን አያደርግም፤ ሁለቱንም እኩል ነው የሚያነሳው።

ስለዚህ ከአፍ እስከ ስልክ አንድ ስንዝር። ዋናው ማይክ አብዛኛው ስልክ ላይ ከታች፣ ቻርጀሩ የሚሰካበት ጎን ያለችው ቀዳዳ ናት። እሷ ወደ አፍ ትዙር። ስልኩን መጻሕፍት ደርድራችሁ አገጭ ድረስ አንሱት። ፊት ለፊት ግን አታድርጉት፤ ትንሽ ወደ ጎን ይሁን። «ፖስታ» ብላችሁ ሞክሩ፤ «ቡፍ» ካለ ትንፋሹ ማይኩን እየመታው ነው። ቀዳዳዋን በጣት አትድፈኑ። በሽፋንም አትድፈኑ። (ሽፋኑ ደፍኗት ያገኘሁት ስልክ ብዛቱ!)

ሁለት ሰው ከሆናችሁ አንድ ስልክ ለሁለቱም አይቀርብም። ሁለት ስልክ፣ ለየራሳችሁ። ሲጀመር አንዴ አጨብጭቡ፤ ኤዲት ላይ ሁለቱን ቅጂ በጭብጨባው ታገጣጥማላችሁ።

ከዚያ ቤቱ። አንዴ አጨብጭቡና አድምጡ። ጭብጨባው ካለቀ በኋላ የሚጮህ ጭራ ካለው ያንን ክፍል ተዉት። ዕቃ የሞላው ጭቃ ቤት ከባዶ ቪላ ሳሎን ይሻላል። መኝታ ቤት ደግሞ ከሁሉም ይሻላል። ፊታችሁን ልብስ ወደሞላ ክፍት ቁም ሳጥን አዙሩ፤ ከጀርባ ፍራሽ አቁሙ። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ከሰቀላችሁ አጥፋችሁ፣ ከግድግዳው አንድ መዳፍ አርቃችሁ ይሁን፤ የተለጠፈ ስስ ጨርቅ ወፍራሙን ድምፅ አይዝም። የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ የምትለጥፉ፣ እባካችሁ ተዉ። የሚረባ ነገር አይውጥም፤ አቧራ ብቻ ነው የሚሰበስበው።

የኔታን መኝታ ቤት አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥናቸው፤ በሩ ላይ ብርድ ልብስ፣ ስልኩ በአንድ ስንዝር። ያው ስልክ ነው። የቃሉ መጨረሻ ጥርት ብሎ ወጣ። የተረፈው ችግር ጋቢያቸውን ባስተካከሉ ቁጥር ያለው ሹክሹክታ ነበር።

ድምፁ ይሰነጠቃል

መጠኑ በዝቷል። አፑ የድምፅ መጠን የሚያሳይ ሚተር ካለው ከፍተኛው ንግግር ከ-12 እስከ -6 ዴሲቤል መካከል ይድረስ። 0 የነካ ድምፅ አናቱ ተቆርጧል፤ የተቆረጠው አይመለስም። በ«ሄሎ ሄሎ» አትለኩ፤ ሰው ወሬው ሲሞቀው የሚስቀውን ሳቅ ሳቁና ለኩ። ማስተካከያ ከሌለው ስልኩን ወደ ስንዝር ተኩል አርቁት። ሜትር አታርቁ፣ ወደ ላይኛው ችግር ትመለሳላችሁ።

ዝም ባላችሁ ቁጥር «ሽሽሽ» የሚለው እየጎላ ከመጣ አፑ መጠኑን በራሱ ከፍ ዝቅ እያደረገ ነው። ማጥፊያ ካለው አጥፉት፤ ከሌለው አፕ ቀይሩ።

የደረት ማይክ ገዝታችሁ ለውጥ የለም

ማይኩን በጥፍር ፈግፍጉት፤ ከዚያ ስልኩን። ቅጂው ላይ የጎላው የስልኩ ከሆነ ማይኩ እየሠራ አይደለም። መሰኪያውን እዩ፦ ለስልክ የሚሆነው 3 ጥቁር ቀለበት አለው። 2 ብቻ ያለው ለካሜራ ነው፤ ሻጩ ግን ሁሉንም «ለስልክ ነው» ይላል።

ሌሎች

ድምፁ የስልክ ጥሪ ከመሰለ የብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቁ። ቅጂውን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፋይል ላኩት እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አትላኩት። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ከጀመረ መፍትሔ የለውም፤ ሪከርዱን አቁማችሁ ቡና አፍሉ።