ከጂም ለወራት ጠፍታችሁ ስትመለሱ ለሰልፊው የሚሆን አስቂኝ ጽሑፍ

ብዙ ሰው ከወራት በኋላ ጂም ገብቶ ሰልፊ ሲለጥፍ «ሰነፍ ነበርኩ፣ ተመልሻለሁ» ይላል። ይሄ አያስቅም፤ ቀልዱን ጸሐፊው ራሱ ጨርሶታል። ለአንባቢ የቀረ ነገር የለም።

ዘዴው ይሄ ነው። «ሰነፍ» የሚለውን ቃል አውጡት። በምትኩ ከጂም በቀራችሁባቸው ወራት የት እንደነበራችሁ የሚያጋልጥ አንድ ተጨባጭ ነገር አስገቡ፤ የሚያስቀውን ክፍል ደግሞ መጨረሻ ላይ አድርጉት። ሐዋሳ ላላችሁ ለምሳሌ፦

«ከጂም ጠፍቼ የት እንደከረምኩ የአሞራ ገደል ዓሣ ጠባሾች ይመስክሩ።»

ስንፍና የሚል ቃል የለም። ግን አንባቢው ሐይቁ ዳር ተቀምጣችሁ ዓሣ ስትበሉ ወዲያው ይታየዋል። ነገሩን ራሱ ስላወቀው ይስቃል። «ዓሣ ጠባሾች» የሚለው መጀመሪያ ላይ ቢመጣ ኖሮ የሚጠበቅ ነገር አይቀርም ነበር።

ቦታ መጥቀስ ካልፈለጋችሁ ክፍያውም ይሠራል፦ «የጂሙን ወርሃዊ ክፍያ አላቋረጥኩም። ያቋረጥኩት መሄዱን ብቻ ነው።» እዚህ ላይ አቁሙ። «ሃሃሃ» ወይም ማብራሪያ ከጨመራችሁ ቀልዱ ይሞታል።

በመቅረታችሁ ቀልዱ እንጂ በሰውነታችሁ አትቀልዱ። በቦርጫችሁ ስትስቁ፣ እንደናንተ ያለ ሰውነት ያለው ጓደኛችሁም ያነበዋል። የቀራችሁት በሕመም ወይም በሐዘን ከሆነ ግን ይሄን ዘዴ ተዉት፤ ምክንያቱን የሚያውቁ ሰዎች መሳቅ ይከብዳቸዋል።