የምዕራፍ ስም ከስክሪፕቱ፣ ሰዓቱ ካለቀው ቪዲዮ

ስክሪፕታችሁ እንዳለቀ የዩቲዩብ ምዕራፎቹን ስም ጻፉ፤ ሰዓቱን ግን ቪዲዮው ኤዲት ተደርጎ ሳያልቅ አትሙሉ። መሃል ላይ ግማሽ ደቂቃ ከተቆረጠ ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ሁሉ ይዛባል። ለዶሮ ወጥ ቪዲዮ መግለጫው ውስጥ እንዲህ ይገባል፦

```
0:00 የሚያስፈልጉን ነገሮች
0:40 ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ማቁላላት
4:15 በርበሬው መቼ ይግባ
7:30 ዶሮውና እንቁላሉ
```

የመጀመሪያው 0:00 ካልሆነ፣ ምዕራፎቹ ከ3 ካነሱ ወይም አንዱ ከ10 ሰከንድ ካጠረ ዩቲዩብ አይከፋፍለውም። «ክፍል ሁለት» የሚል ስም ለተመልካቹ ምንም አይነግረውም፤ እዚያ የሚሠራውን ነገር ጻፉለት።

ርዕሱንም ስክሪፕቱ በደንብ ከመለሰው ጥያቄ አውጡት፦ «ዶሮ ወጥ፦ ሽንኩርቱ ሳያር እንዴት ይቁላላ?» ረጅም ርዕስ ስልክ ላይ ስለሚቆረጥ የምግቡ ስም ከፊት ይቅደም። የመግለጫው የመጀመሪያ መስመር ደግሞ ርዕሱን አይድገም፤ የሽንኩርቱንና የበርበሬውን መጠን ይያዝ።