ውሎ አበል ሁለተኛ ደመወዝ አይደለም፦ ለብቻው በሚገባ ገንዘብ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ፔሮል የሚሠራ ሰው ስልክ በብዛት የሚጮኸው ደመወዝ በገባ ማግስት ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱ ግን ወሩ ሙሉ አይቀርም፦ «10,500 ብር ገብቶልኛል፤ የምንድን ነው? ከደመወዜ ጋር ለምን አልመጣም?» ደዋዩ አብዛኛውን ጊዜ የመስክ ሥራ ሊወጣ የተዘጋጀ ባልደረባ ነው። ገንዘቡ የጉዞው ነው። ከደመወዝ ተለይቶ የመጣው ደግሞ ሒሳብ ክፍሉ ስለሰነፈ አይደለም።

ነገሩን በአንድ ሰው ጉዞ እንየው። ወርሃዊ ደመወዙ 18,000 ብር የሆነ የግል ድርጅት ሠራተኛ ለአምስት ቀን ጅማ ይላካል እንበል። ድርጅቱ ለምግብ በቀን 600 ብር ውሎ አበል ይከፍላል፤ አልጋና መጓጓዣ ግን በደረሰኝ ነው የሚሸፍነው። ከመነሳቱ በፊት ለአምስት ቀን አበል 3,000፣ ለአራት ሌሊት አልጋ በግምት 6,000፣ ለመጓጓዣ 1,500፣ በድምሩ 10,500 ብር በቅድሚያ ይገባለታል።

«ከደመወዜ ጋር አንድ ላይ ይግባልኝ» ማለት

ይህን የሚጠይቁት ብዙ ናቸው፤ ለመቆጣጠር ይቀላል ብለው ነው። ፔሮል ግን የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በወሩ ውስጥ ለሠራተኛው የተከፈለውን የሥራ ዋጋ። በዚያ ላይ ግብር ይቆርጣል፣ ጡረታ ይቆርጣል፣ ቀሪውን ለባንክ በሚላከው ዝርዝር ላይ ያሰፍራል። የጉዞው ገንዘብ የሚወጣው በሌላ ሰነድ፣ የጉዞ ፈቃድ ተያይዞበት በሚቆረጥ የክፍያ ማዘዣ ነው። በመዝገቡም ላይ የሚቀመጠው በደመወዝ ወጪ ሳይሆን በሠራተኛው ስም «ተሰብሳቢ» ሆኖ ነው። ማለትም እስኪወራረድ ድረስ ገንዘቡ የድርጅቱ ነው፤ ሠራተኛው ይዞት ነው የሚዞረው።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የሚሠራበትን፣ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 የተሻሻለውን የግብር ሠንጠረዥ እንውሰድ። ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደመወዝ 35 በመቶ ውስጥ ይገባል፤ ከሚወጣው ላይ 2,050 ብር ይቀነሳል። የ18,000 ብር ደመወዝ ግብር 4,250 ብር ነው። ጡረታው 7 በመቶ፣ 1,260 ብር። እጅ ላይ የሚደርሰው 12,490 ብር ይሆናል። አሁን ያ 10,500 ብር በስህተት በፔሮል ውስጥ እንደ ደመወዝ ገብቷል እንበል። የሚታሰበው ግብር ወደ 7,925 ብር ያድጋል። 3,675 ብር ጠፋ ማለት ነው፤ ያውም ለሆቴልና ለአውቶቡስ ሊከፈል በተሰጠ ገንዘብ ላይ። ሠራተኛው ጅማ ሲደርስ የጎደለውን ከኪሱ ሊሞላ ነው።

ይህ እንዳይሆን ነው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአንቀጽ 65 ሠራተኛ ለሥራ ሲንቀሳቀስ ያወጣውን የጉዞ ወጪ መተኪያ ከግብር ነፃ ካደረጋቸው ገቢዎች መካከል ያስቀመጠው። ነፃነቱ ግን ልቅ አይደለም። ለውሎ አበል በመመሪያ የተቀመጠ ጣሪያ አለ፤ ከጣሪያው የተረፈው እንደ ደመወዝ ግብር ይከፈልበታል። ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ አበላችሁ በከፊል በፔሮል ላይ ብቅ ብሎ ብታዩት ስህተት ነው ብላችሁ አትጣሉ፤ ጣሪያውን ያለፈው ክፍል ሊሆን ይችላል።

እግረ መንገዴን ልበልና፣ በየወሩ ሳይለወጥ የሚከፈለው የትራንስፖርት አበል ሌላ ነው። እሱ የጉዞ ሰነድ ስለማይቆረጥለት ብዙውን ጊዜ እዚያው ፔሮል ላይ፣ በራሱ ዓምድ ተቀምጦ ከደመወዝ ጋር ይገባል። ስማቸው ስለሚመሳሰል ሰው ሁለቱን ያምታታል።

የገባውን ሁሉ የራስ አድርጎ ማጥፋት

የጅማው ሰውዬ ሥራውን ቶሎ ጨርሶ በአራተኛው ቀን ተመለሰ። የሚገባው አበል 2,400 ብር ሆነ። አልጋ ሦስት ሌሊት በ1,400፣ 4,200 ብር። መጓጓዣ 1,300 ብር። በጠቅላላ 7,900 ብር ማለት ነው። በቅድሚያ የወሰደው 10,500 ስለነበር 2,600 ብር ተመላሽ አለበት። እሱ ግን የአምስተኛውን ቀን አበል «ላቤ ነው» ብሎ፣ የአልጋውን ትርፍ ደግሞ ከነጭራሹ ረስቶት፣ ብሩ ለቤት ኪራይ ሄዷል።

እዚህ ላይ ሰዎች የሚስቱት ውሎ አበልና በደረሰኝ የሚወራረድ ወጪ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። በቀን 600 ብሩን ሽሮ በልቶ ቢቆጥበው የራሱ ነው፤ የምሳ ደረሰኝ የሚጠይቀው የለም። የቆየበት ቀን ብዛት ግን ይጠየቃል። የአልጋው ገንዘብ ደግሞ ከደረሰኙ በላይ አንድ ብር አይፈቀድም፤ 1,500 ተገምቶ 1,400 ከተከፈለ መቶዋ ትመለሳለች።

ደረሰኙ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ሆቴሉ የሚቆርጠው በሠራተኛው ስም ከሆነ፣ ወይም የድርጅቱ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ካልሰፈረበት፣ ሒሳብ ክፍሉ ሊመልሰው ይችላል፤ ግብር ሰብሳቢው ወጪውን አልቀበልም ካለ ጫናው ድርጅቱ ላይ ነው። ከማሽን የሚወጣው ደረሰኝ ደግሞ በሙቀት የሚታተም ወረቀት ነው። መኪና ዳሽቦርድ ላይ ሁለት ቀን ፀሐይ ከመታው ወይም ኪስ ውስጥ ከላብ ጋር ከከረመ ጽሑፉ ይጠፋል። አንድ ጊዜ አንድ ሹፌር ሰባት ነጭ ወረቀት አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረልኝ። የነዳጅ ደረሰኞች ነበሩ። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ምንም የለም። ሆቴሉን ሳትለቁ በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ቢሮ እንደደረሳችሁ ኮፒ አድርጋችሁ ከዋናው ጋር አያይዙት።

ሳያወራርዱ ወር ማሳለፍ

የጉዞ ሒሳብ ማወራረጃ ቀን በየድርጅቱ ደንብ የተጻፈ ነው። ቀኑ ካለፈ በመዝገቡ ላይ የሚታየው የቀረው 2,600 ብር አይደለም፤ ደረሰኝ አልቀረበምና ሙሉው 10,500 ብር የሠራተኛው ዕዳ ሆኖ ይቆያል። ለቀጣዩ ጉዞ ቅድሚያ ክፍያ ይከለከላል፤ ከዚያ ከደመወዝ መቁረጥ ይመጣል።

መቁረጡ ላይ ግን ሠራተኛው መብት አለው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪው እንዳሻው ከደመወዝ ሊቀንስ አይችልም፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ካልሆነ በቀር። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ለ18,000 ብር ደመወዝተኛ 6,000 ብር መሆኑ ነው። ቅድሚያ ስትወስዱ የምትፈርሙት ቅጽ ግርጌ ላይ «ካላወራረድኩ ከደመወዜ እንዲቆረጥ ተስማምቻለሁ» የሚል መስመር ካለ የጽሑፍ ስምምነት የተባለው ያ ነው። ሳታነቡ አትፈርሙ።

ደመወዝ በአበል ስም ሲቀርብ እሺ ማለት

እኔን የሚያሳስበኝ ይኼኛው ነው፤ ሠራተኛው ደስ ብሎት ነውና የሚቀበለው። አሠሪው ይጠራውና «ደመወዝህን 8,000 እናድርገውና 10,000ውን በአበል ለብቻው እናስገባልሃለን፤ ግብር አይነካውም» ይለዋል። ሒሳቡ በእርግጥ ያጓጓል። በ8,000 ብር ላይ ግብሩ 1,150፣ ጡረታው 560 ነው፤ 6,290 ይቀራል። አሥሩ ሺህ ሲደመርበት 16,290። ቀድሞ 12,490 ነበር። በወር 3,800 ብር ልዩነት የሚጠላ የለም።

የሚከፈለው ዋጋ የሚታየው ቆይቶ ነው። አዋጅ 1156 በአንቀጽ 53 ውሎ አበልን፣ የመጓጓዣ አበልንና መሰሎቻቸውን «ደመወዝ አይደሉም» ብሎ በግልጽ ለይቷቸዋል። ድርጅቱ ከስድስት ዓመት አገልግሎት በኋላ ለዘለቄታው ቢዘጋ የሥራ ስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የአንድ ወር ያህል ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ለእያንዳንዳቸው የዚያ ሲሶ ነው፤ ድርጅቱ በመዘጋቱ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርበታል። በ18,000 ሲሰላ 84,000 ብር ገደማ ይደርሳል፤ በ8,000 ግን 37,333 ገደማ ብቻ።

ጡረታውም እንደዚያው ነው። ለግል ድርጅት ሠራተኞች በወጣው አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚያዋጡት በመደበኛው ደመወዝ ላይ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ በ18,000 ላይ በወር 3,240 ብር፣ በ8,000 ላይ 1,440 ብር ነው። አበሉ ደስ የሚላቸው አሠሪዎች ለምን ደስ እንደሚላቸው እዚህ ላይ ይታያል፤ የእነሱ 11 በመቶም አብሮ ነው የወረደው። የጡረታ አበሉ የሚሰላው ከመጨረሻዎቹ ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነውና፣ 10 ዓመት አገልግሎ 30 በመቶ የሚያገኝ ጡረተኛ በአንደኛው 5,400፣ በሌላው 2,400 ብር ይዞ ይወጣል።

ግብሩም ቢሆን «አይነካውም» የተባለው በስሙ ብቻ ነው። ከግብር ነፃ የሆነው ጉዞ ኖሮ ለጉዞው የወጣ ገንዘብ ነው። ቢሮ ተቀምጦ ለሚውል ሰው በየወሩ እኩል 10,000 ብር ሲገባ፣ የጉዞ ፈቃድም ደረሰኝም ሳይኖረው፣ ኦዲት የመጣው ሰው ደመወዝ ብሎ ነው የሚመዘግበው። ግብሩን ቆርጦ የማስገባት ግዴታ የአሠሪው ስለሆነ ያልተቆረጠው ከነቅጣቱ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሠራተኛው ዞሮ «የአንተ ነው» የሚለውን ክርክር ከየቢሮው ሰምቼዋለሁ።

ለባንክ ብድር አበሉን ደምሮ መቁጠር

ይሄ አጭር ነው። ብድር የሚጠይቅ ሰው የባንክ መግለጫውን አውጥቶ የገባውን ሁሉ ይደምርና «በወር 28,000 አገኛለሁ» ይላል። የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ግን 18,000 ነው የሚለው፤ የጉዞው ገንዘብ በየወሩ አይደገምም፣ ግማሹም በደረሰኝ ተመልሷል። ሁለቱ ካልገጠሙ የብድር መኮንኑ የሚያምነው ደብዳቤውን ነው። ጊዜ ከማባከን፣ ፔሮል ክፍሉን ደመወዝና አበል በየመስመራቸው ተለይተው የሰፈሩበት ደብዳቤ እንዲጽፍ መጠየቅ ይሻላል። ጥያቄውን ግን ከወሩ መጨረሻ ሳምንት ውጭ አቅርቡት፤ ያኔ ስልካችንን ማንሳት ራሱ ይከብደናል።