ተማሪው λ = 3 አገኘ፤ 3 ምን እንደሆነ ግን አያውቅም

ምልክቱ። ተማሪዎች የማትሪክስ አይገንቫልዩ እንዲያገኙ det(A − λI) = 0 ሲሰጣቸው ሳይሳሳቱ ይሠሩታል። «ይሄ 3 ምንድን ነው?» ስትሏቸው ግን ጸጥ። እኔም ክፍል ውስጥ ገጥሞኛል፤ መጀመሪያ ያማረርኩት በተማሪዎቹ ነበር።

መንስኤው። ጥፋቱ የስላይዱ ነው። ቀመሩ ይቀድማል፤ ሥዕል ካለም የሚያሳየው አይገንቬክተሮቹን ብቻ ነው። መስመሩን ያልለቀቀ ቀስት ለብቻው ቢታይ ምኑ ይገርማል? ሌሎቹ ሲዞሩ ካልታዩ የእሱ አለመዞር አይታወቅም።

መፍትሄው። ቀመሩን ወደ ኋላ ግፉት። የማትሪክሱ የመጀመሪያ ረድፍ 2 እና 1፣ ሁለተኛው ረድፍ 1 እና 2 ይሁን። ስላይዱ ላይ ሦስት ቀስቶች ሣሉ፦ (1, 0)፣ (1, 1) እና (1, −1)። በእያንዳንዱ ቀስት ላይ ከመነሻው ነጥብ ወዲያና ወዲህ የሚዘልቅ ፈዛዛ መስመር ጨምሩ። «የትኛው ከመስመሩ ይወጣል?» ብላችሁ አስገምቱ። ከዚያ ማትሪክሱን አሳርፉበት።

(1, 0) ወደ (2, 1) ይሄዳል፤ ከመስመሩ 27 ዲግሪ ገደማ ዞሯል። (1, 1) ግን (3, 3) ይሆናል፤ መስመሩ ላይ እንዳለ 3 እጥፍ ረዘመ። ያ 3 ይኸው ነው። (1, −1) ደግሞ ንቅንቅ አላለም፤ አይገንቫልዩው 1 ነው።

እዚህ ጋ አንድ ቃል ተጠንቀቁ። «አቅጣጫውን አይቀይርም» አትበሉ፤ አይገንቫልዩው ኔጌቲቭ ሲሆን ቀስቱ ፊቱን ያዞራል። «መስመሩን አይለቅም» ይሻላል።

አሁን ወደ ዞረው ቀስት ተመለሱ። (1, 0) የ(1, 1) ግማሽና የ(1, −1) ግማሽ ድምር ነው። የመጀመሪያው ግማሽ በ3 ተባዝቶ (1.5, 1.5) ይሆናል፤ ሁለተኛው (0.5, −0.5) እንዳለ ይቀራል። ሲደመሩ (2, 1)። ቀስቱ የዞረው አንዱ ክፍሉ ሲለጠጥ ሌላው ባለበት ስለቀረ ነው። እኔ ረጅሙን ጊዜ የምሰጠው ለዚህ ስላይድ ነው።

ሌላ ምልክት። ሥዕሉ ላይ ቀጥ ያለው ማዕዘን ጠሞ ይታያል። ሒሳቡን አትነካኩ፤ ግራፉ ከሰፊው ስላይድ ጋር አብሮ ተለጥጦ ነው። በማትፕሎትሊብ ከሆነ የምትሠሩት ይቺ መስመር ትበቃለች፦

```
ax.set_aspect("equal")
```

የመጨረሻው። ተማሪዎቹ «አይገንቬክተሮች ሁሌም 90 ዲግሪ ይሠራሉ» ብለው ይወጣሉ። ምክንያቱ ምሳሌያችን ነው፤ ማትሪክሱ ሲሜትሪክ ስለነበር እንዲያ ሆነ። ሁለተኛውን ረድፍ 0 እና 3 አድርጉትና ድገሙት። (1, 0) 2 እጥፍ፣ (1, 1) 3 እጥፍ ይረዝማሉ፤ በመካከላቸው ያለው 45 ዲግሪ ብቻ ነው። ቅድም ንቅንቅ ያላለው (1, −1)ስ? (1, −3) ላይ አረፈ፤ መስመሩን ለቋል።