የገናው ቅናሽ ቀን ስህተትና እርማቱ

ለገጣፎ ባለችው ሱቄ ለገና የቅቤ ቅናሽ አውጥቼ ለደንበኞች አጭር መልእክት ላክሁ። ቅናሹ የሚያበቃው በበዓሉ ዋዜማ፣ ታኅሣሥ 28 ነበር። የስልኬ ካሌንደር ግን በፈረንጅ ነውና ጃንዋሪ 6 የሚለውን አይቼ «ጥር 6» ብዬ ጻፍሁ። ስምንት ቀን በነጻ ጨመርሁ ማለት ነው!

የመጀመሪያው እርማቴ በረጅም ሰላምታ የሚጀምር ነበር። ወደ እህቴ ስልክ ስሞክረው ሦስት መልእክት ሆኖ ተቆጠረ፤ በግዕዝ ፊደል አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ምልክት ብቻ ነው። ስለዚህ ሰላምታውን ጥዬ፣ የተሳሳተው መልእክት ለደረሳቸው ደንበኞች ብቻ ይህን ላክሁ፦

«እርማት፦ የቅቤ ቅናሹ የሚያበቃው ታኅሣሥ 28 ነው፤ ጥር 6 ያልነው ስህተት ነው። ይቅርታ።»

የተሳሳተውን ቀን መድገሙ የትኛው መልእክት እንደተሻረ ያሳያል። ከበዓሉ በኋላ የፊተኛውን መልእክት ይዘው ለመጡ ጥቂት ሰዎች ግን በቅናሹ ሸጥሁላቸው።