ቪፒኤኑ ለቢሮው ብቻ ይሁን

ከቤት ሆናችሁ የቢሮውን ሰርቨር ለመክፈት ዋየርጋርድ የተባለውን ቪፒኤን ስታበሩ ዩቲዩቡም ይንቀራፈፋል? ብዙ ጊዜ ነገሩ ያለው አንድ መስመር ላይ ነው። ኮንፊጉ ውስጥ `[Peer]` ከሚለው ስር ይህን ታገኛላችሁ፦

```
AllowedIPs = 0.0.0.0/0, ::/0
```

ይህ ሁሉንም ነገር ወደ ቪፒኤኑ ይነዳል። የቢሮውን ኔትወርክ አድራሻ ብቻ አስገቡበት፤ ለምሳሌ፦

```
AllowedIPs = 10.20.0.0/16
```

ቪፒኤኑን አጥፍታችሁ አብሩት። አሁን በ10.20 የሚጀምረው ብቻ በቪፒኤን ያልፋል፤ ሌላው በቀጥታ ይሄዳል። ዊንዶውስ ላይ `tracert 8.8.8.8` ብላችሁ ሞክሩ፤ መጀመሪያ የሚመጣው የቤታችሁ ራውተር አድራሻ መሆን አለበት።

አንድ የሚያናድድ ነገር አለ። የቤቱም የቢሮውም አድራሻ በ192.168.1 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ የቱን እንደፈለጋችሁ አያውቅም፤ ቪፒኤኑ ተገናኝቶ ሰርቨሩ ላይከፈት ይችላል። የቤቱን ራውተር አድራሻ ወደ 192.168.77.1 ቀይሩት። የቢሮውን ለማስቀየር መለመን ትርፉ ድካም ነው።